ጦርነት ሁሉ ከውል ግዴታ ነጻ አያወጣም፦ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይልን በካርቱም ጉዳይ መመርመር

ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል፣ በዓለም አቀፍ የንግድ ውሎች ፎርስ ማዡር፣ በሱዳን ዐረብኛ ውሎች ደግሞ አል ቁዋ አል ቃሂራ በሚል ስም የሚጻፈው አንቀጽ፣ አንድ ተዋዋይ ቃል የገባውን ነገር ሳይፈጽም ቢቀርም ካሳ ከመክፈል ነጻ የሚሆንበትን ሁኔታ የሚወስን ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023፣ ማለትም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች መካከል በካርቱም ጦርነት ሲቀሰቀስ፣ ከካርቱም ጋር ውል የነበራቸው ነጋዴዎች፣ አጓጓዦች፣ ሥራ ተቋራጮችና አከራዮች በአንድ ጊዜ ወደዚህ አንቀጽ ፊታቸውን አዞሩ። ብዙዎቹ ጦርነት መነሣቱ ብቻውን ከግዴታ ነጻ እንደሚያወጣ ያምኑ ነበር፤ ሕጉ ግን ይህን አይልም። ሕጉ የሚጠይቀው የትኛው ግዴታ፣ መቼ የተገባ፣ በየትኛው ክስተት፣ ምን ያህል እንደ ታገደ ነው። ቀጥሎ የቀረበው የአመራመር ቅደም ተከተል የተዘጋጀው በእጁ እንዲህ ያለ ውል ላለው ወይም ሊዋዋል ለተነሣ ሰው ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ውሉ በየትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛ ማየት ነው፤ ምክንያቱም አንድ ዓይነት ክስተት በሦስት ሕጎች ፊት ሦስት የተለያየ ውጤት ሊኖረው ይችላል። በኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1792 መሠረት፣ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል አለ የሚባለው ባለዕዳው፣ ማለትም ግዴታውን መፈጸም ያለበት ወገን፣ በተለመደው አስተሳሰብ አስቀድሞ ሊያውቀው የማይችለውና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚከለክለው ነገር ሲደርስበት ነው። ሁለቱም ነጥቦች አብረው መሟላት አለባቸው፤ የማይገመት ሆኖ መፈጸምን ያልከለከለ፣ ወይም መፈጸምን የከለከለ ሆኖ ሊገመት ይችል የነበረ ክስተት አይበቃም። የሱዳን የ1984 እ.ኤ.አ. የፍትሐ ብሔር ግብይቶች ሕግ ደግሞ ሁለት የተለያዩ በሮች ይከፍታል። አንደኛው መፈጸም የማይቻል ሲሆን ግዴታው ቀሪ የሚሆንበት ነው፤ ሁለተኛው ያልተጠበቀ አጠቃላይ ክስተት ግዴታውን እጅግ ከባድ ሲያደርገውና ባለዕዳውን ለከፍተኛ ኪሳራ ሲያጋልጠው፣ ዳኛው የሁለቱን ወገኖች ጥቅም አመዛዝኖ ሸክሙን እንዲያቃልል የሚፈቅደው ድንገተኛ ሁኔታ የሚባለው ሥርዓት ነው። የእንግሊዝ ሕግ በበኩሉ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይልን በራሱ እንደ ሕግ ደንብ አያውቀውም፤ ውሉ ውስጥ ከተጻፈ በተጻፈው መጠን ይሠራል፣ ካልተጻፈ ግን የውሉ ዓላማ ከነጭራሹ ፈርሷል የሚለው ጠባብ መከላከያ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ውሉ ስለ ገዢው ሕግ ምን እንደሚል ሳያዩ ስለ ክስተቱ መከራከር ከንቱ ድካም ነው።

ሁለተኛው ሥራ ክስተቱን ከጦርነቱ አጠቃላይ ስም ነጥሎ ማውጣት ነው። ለዚህ ከሱዳን ጉዳዮች ሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የነዳጅ ማስተላለፊያው ታሪክ ነው። ከደቡብ ሱዳን የላይኛው አባይ ግዛት የሚወጣው ዳር ብሌንድ የሚባለው ድፍድፍ ነዳጅ፣ ሱዳንን አቋርጦ በካርቱም አካባቢ በኩል ከፖርት ሱዳን በስተ ደቡብ እስካለው የበሻይር የመጫኛ ወደብ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ቧንቧ ይጓዛል። ይህ ድፍድፍ በባሕርይው ሰም የበዛበት ስለሆነ፣ ሙቀቱ ካልተጠበቀና ካልተገፋ በቧንቧው ውስጥ ይረጋል፤ የግፊት ጣቢያዎቹም ናፍጣ ካላገኙ መሥራት አይችሉም። ጦርነቱ ሲጀመር፣ ከካርቱም በስተ ሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የጀይሊ ማጣሪያ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች እጅ ወደቀ፤ የቧንቧው መሥመርም በውጊያ ቀጠና ውስጥ ሆነ። ያም ሆኖ ነዳጁ ከጦርነቱ መነሣት በኋላ ለወራት መፍሰሱን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ቧንቧው ተጎዳ፣ ድፍድፉም ረጋ፤ የሱዳን የኢነርጂ ሚኒስትርም በማርች 2024 ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል መድረሱን በደብዳቤ አሳወቁ። ጥገናውና የጸጥታው ሁኔታ ከተስተካከለ በኋላ ማስታወቂያው በጃንዋሪ 2025 ተነሣ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋናው ነገር ከኤፕሪል 2023 እስከ ፌብሩዋሪ 2024 ያለው ክፍተት ነው። በእነዚያ ወራት ጦርነት ነበር፤ ካርቱም ትነድ ነበር፤ ነገር ግን ነዳጁ ስለሚተላለፍ፣ አስተላላፊው ግዴታውን ለመተው ጦርነቱን ምክንያት ሊያደርግ አይችልም ነበር። ግዴታውን ያገደው ጦርነቱ በጠቅላላው ሳይሆን የተወሰነ ቦታ ላይ የደረሰ የቧንቧ ጉዳት፣ የናፍጣ ማጣትና ጠጋኞች በውጊያው ምክንያት ወደ ስፍራው መድረስ አለመቻላቸው ነው። ሌላም መታየት ያለበት ነጥብ አለ፤ ማስታወቂያው ውሉን አላፈረሰም፣ አገደው እንጂ። እንቅፋቱ ሲወገድ ግዴታው ተመልሶ ሕይወት ዘራ። ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ተዋዋዩን ለሁልጊዜ ያሰናብታል ብሎ የሚያስብ ሰው፣ እንቅፋቱ ከተወገደ በኋላ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ውል አፍራሽ ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛው ሥራ የውሉን ቀን ከክስተቱ ቀን ጋር ማመሳከር ነው፤ በተግባር ብዙ ክርክር የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። የሱዳንና የደቡብ ሱዳን መንግሥታት ስለ ነዳጅ ማስተላለፍ ስምምነት የፈረሙት በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 2012 ነበር፤ በዚያን ቀን ከ10 ዓመት በኋላ በካርቱም መንገዶች ላይ የሚነሣውን ጦርነት አስቀድሞ ማወቅ ነበረባችሁ ተብሎ ማንም ሊወቀስ አይችልም። በኖቬምበር 2023 ወደ ካርቱም ዕቃ ለማድረስ የፈረመ ነጋዴ ግን ጦርነቱን እያየ ነው የፈረመው። ለእርሱ ጦርነቱ ድንገት የወረደ መዓት ሳይሆን ውሉን የገባበት መሬት ነው፤ ስለዚህ በኢትዮጵያ ሕግ ያልተገመተ ነው የሚለው መከላከያ ይዘጋበታል። ሊያድነው የሚችለው በውሉ ውስጥ በግልጽ የጻፈው ቃል ብቻ ነው።

ይኸው ሚዛን በተፈጥሮ አደጋ ላይም ይሠራል። ነጭ አባይና ጥቁር አባይ በሚገናኙባት ካርቱም በኦገስትና በሴፕቴምበር ውኃው መሙላቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ በቱቲ ደሴት ዳርቻ ግንብ የሚሠራ ተቋራጭ በኦገስት የተለመደውን ሙላት እንደ ከዐቅም በላይ ኃይል ቢያቀርብ ተቀባይነት አያገኝም፤ የሥራ መርሐ ግብሩን ሲያወጣ ሊያስብበት ይገባ ነበርና። የ2020 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ግን በ1946ና በ1988 ከተመዘገቡት አልፎ መንግሥት የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጀበት ስለ ነበር፣ ተቋራጩ ቢያንስ የሚከራከርበት ጠንካራ መሠረት ይኖረዋል። ስሙ በሁለቱም ጊዜ ጎርፍ ነው፤ ልዩነቱ ጥንቃቄ ያለው ሰው ሊጠብቀው ከሚገባው መጠን ማለፉና አለማለፉ ነው።

እዚህ ላይ የክስተቶቹን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሕግ በቁጥር 1793 እንደ ሁኔታው ከዐቅም በላይ ኃይል ሊባሉ የሚችሉትን ሲጠቅስ፣ ባለዕዳው ኃላፊ የማይሆንለት ሦስተኛ ወገን ያልታሰበ ድርጊት፣ የመንግሥት ክልከላ፣ እንደ መሬት መንቀጥቀጥ፣ መብረቅና ጎርፍ ያለ የተፈጥሮ መቅሠፍት፣ የውጭ ወይም የእርስ በርስ ጦርነት፣ እንዲሁም የባለዕዳው ሞት፣ ከባድ አደጋ ወይም ድንገተኛ ብርቱ ሕመም በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛሉ። እንደ ሁኔታው የሚለው ሐረግ ቀላል አይደለም፤ ጦርነት በዝርዝሩ መጠቀሱ በቁጥር 1792 ከተቀመጡት ሁለት መመዘኛዎች አያሳልፈውም። በቁጥር 1794 ደግሞ በተቃራኒው በውሉ በግልጽ ካልተስማሙበት በቀር ምክንያት የማይሆኑት ተለይተዋል፤ እነርሱም በተዋዋዩ ድርጅት ወይም በሥራ ዘርፉ የሚነሣ የሥራ ማቆም አድማ ወይም ሠራተኛን ከሥራ መዝጋት፣ ለሥራው የሚያስፈልጉ ጥሬ ዕቃዎች ዋጋ መናርና መውረድ፣ እንዲሁም ግዴታውን ይበልጥ ከባድ የሚያደርግ አዲስ ሕግ መውጣት ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ በካርቱም ጉዳይ አብዝቶ የሚነሣው የዋጋ ነገር ነው። ከጦርነቱ በፊት በጥቁር ገበያ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ600 የሱዳን ፓውንድ በታች ይመነዘር ነበር፤ በ2024 ግን ከ2,000 ፓውንድ በላይ ደረሰ። በፓውንድ የተዋዋለ አቅራቢ ዕቃውን ከውጭ ለማስገባት ከሦስት እጥፍ በላይ ሊያወጣ ይችላል፤ ጉዳቱም እውነተኛ ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ ሕግ ቁጥር 1764 መሠረት ግዴታው ከታሰበው በላይ ከባድ መሆኑ ውሉን አያስቀረውም፤ መክበድና አለመቻል ሁለት ናቸው። ይኸው አቅራቢ ውሉ በሱዳን ሕግ የሚገዛ ቢሆን ኖሮ ድንገተኛ ሁኔታ በሚባለው በር ዳኛው ሸክሙን እንዲቀንስለት መጠየቅ ይችል ነበር። ገዢውን ሕግ መመርመር የመጀመሪያው ሥራ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ አቅራቢው በተሳሳተው በር ገብቶ ከዐቅም በላይ ኃይል ብሎ ቢከራከር፣ በሌላው በር ሊያገኝ ይችል የነበረውንም ሊያጣ ይችላል።

አራተኛው ሥራ ክስተቱና ያልተፈጸመው ግዴታ በቀጥታ መያያዛቸውን መፈተሽ ነው። ለአብነት አንድ የአዲስ አበባ ቡና ላኪ ለካርቱም ገዢ 40 ቶን ቡና ለመሸጥ በፌብሩዋሪ 2023 ተዋውሎ፣ ርክክቡ በሜይ 2023 እንዲሆን ተስማምቶ ነበር ይባል። ውሉ ርክክቡ በካርቱም ባሕሪ በሚገኘው የገዢው መጋዘን ነው የሚል ከሆነ፣ ሻጩ በሜይ ወር ወደ ባሕሪ መግባት በተኩስ መካከል ማለፍ ስለሆነ፣ ውሉም ከጦርነቱ በፊት ስለ ተፈረመ፣ ጠንካራ መከላከያ አለው። ውሉ ርክክቡ በገላባት ድንበር ወይም በገዳሪፍ ነው የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በዚያ ወቅት ውጊያው ከገዳሪፍ ርቆ ስለ ነበር ሻጩ ቡናውን እስከ ርክክቡ ቦታ ማድረስ ይችላል። ከዚያ ወደ ካርቱም የሚወስደው መንገድ መዘጋቱ የገዢው ችግር ነው። ጦርነቱ ያው ነው፣ ቡናውም ያው ነው፤ ውጤቱን የለወጠው በውሉ ውስጥ የተጻፈው የአንድ ከተማ ስም ነው።

አሁን ደግሞ ቡናው በማርች 2023 ባሕሪ መጋዘን ገብቶ፣ ክፍያው በሜይ መጨረሻ እንዲሆን ተስማምተው፣ በመካከሉ መጋዘኑ ተዘረፈ ይባል። ገዢው ንብረቱን ማጣቱ ልብ የሚነካ ነው፤ ግን ርክክብ ከተፈጸመ በኋላ ዕቃው የእርሱ ስለሆነ፣ ዝርፊያው የመክፈል ግዴታውን አያነሣም። ገንዘብ የማጣት ችግር በየትኛውም ከላይ በተጠቀሱት ሕጎች ከዐቅም በላይ ኃይል ተብሎ አይቆጠርም። የሚታገሥለት ነገር ቢኖር የማስተላለፊያ መንገድ መዘጋት ነው፦ ባንኮች በተዘጉባቸው ሳምንታት ገንዘቡን ማስተላለፍ የማይቻል ከነበረ፣ ለእነዚያ ሳምንታት መዘግየቱ ሊታለፍለት ይችላል። ይህም ቢሆን ይመረመራል። የካርቱም ባንክ ባንካክ የተባለው የስልክ መተግበሪያ በጦርነቱ ጊዜ ለሚሊዮኖች የገንዘብ ማስተላለፊያ ሆኖ ስላገለገለ፣ በአገር ውስጥ በፓውንድ መክፈል የነበረበት ሰው ባንኮች ተዘግተው ነበር በማለት ብቻ ሊያመልጥ አይችልም። በዶላር ወደ ውጭ መላክ የነበረበት ሰው ግን ባንካክ መሥራቱ አይመልስለትም፤ እርሱ የውጭ ምንዛሪ መላኪያው በየትኛው ቀን ተዘግቶ በየትኛው ቀን እንደ ተከፈተ ማስረዳት አለበት።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚመጣው ጥያቄ ተዋዋዩ እንቅፋቱን ለማለፍ ምን ያህል መጣር አለበት የሚለው ነው። ሌላ መንገድ፣ ሌላ ወደብ ወይም ሌላ አጓጓዥ ካለ፣ ውድ ቢሆንም መሞከር ይጠበቅበታል፤ ነገር ግን ውሉ ያላለውን ነገር እንዲቀበል አይገደድም። በዚህ ረገድ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሜይ 2024 የወሰነው ጉዳይ ጠቃሚ ነው። ከጊኒ ወደ ዩክሬን ቦክሳይት የሚያጓጉዝ የመርከብ ባለቤት ክፍያው በዶላር እንዲሆን ተዋውሎ ሳለ፣ የደንበኛው እናት ኩባንያ በአሜሪካ ማዕቀብ ውስጥ ገባ፤ ደንበኛውም በዩሮ ልክፈል አለ። ፍርድ ቤቱ ተገቢ ጥረት ማድረግ ማለት ውሉ ያልያዘውን አከፋፈል መቀበልን አይጨምርም ብሎ ለመርከቡ ባለቤት ፈረደ። በካርቱም ምሳሌ ሲታይ፣ በባሕሪ ርክክብ የተዋዋለ ገዢ ሻጩ በራሱ ፈቃድ ቡናውን ፖርት ሱዳን አራግፎ ተረከበኝ ቢለው እንቢ ማለት ይችላል፤ ይቀበል እንደሆነ ግን ስምምነቱን በጽሑፍ ማድረግ ለሁለቱም ይበጃል።

አምስተኛው ሥራ ማስታወቂያ መስጠት ነው፤ ጥሩ መከላከያ የነበራቸው ብዙዎች የሚሸነፉት በዚህ ነው። አብዛኞቹ የንግድ ውሎች ክስተቱ በታወቀ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ፣ ለምሳሌ በ7 ወይም በ14 ቀን፣ ለሌላው ወገን በጽሑፍ እንዲገለጽ ያዝዛሉ፤ በአንዳንዶቹ ውሎች ጊዜው ካለፈ መብቱ አብሮ ያልፋል። ማስታወቂያው ጦርነት አለ የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር መሆን የለበትም። የትኛው የውሉ አንቀጽ እንደ ታገደ፣ ያገደው ክስተት ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ቦታና ቀን እንደ ተከሠተ፣ ምን አማራጭ እንደ ተሞከረና ለምን እንዳልተሳካ፣ መቼ ሊፈጸም እንደሚችል የሚገመተውን ጊዜ መያዝ አለበት፤ ሁኔታው በተለወጠ ቁጥርም መታደስ ይኖርበታል። በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ በሱዳን እንደ ሆነው የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ሲቋረጥ፣ ተዋዋዩ ደብዳቤውን በቀኑ ጽፎ አስቀምጦ፣ ግንኙነቱ በተመለሰበት ሰዓት መላክና የመቋረጡን ማስረጃ ማያያዝ ይገባዋል።

ማስረጃው ሲሰበሰብ ከአገሪቱ ሁኔታ ይልቅ የዚያን ግዴታ ሁኔታ የሚያሳይ መሆን አለበት። አጓጓዡ ጭነቱን አልወስድም ያለበት ደብዳቤ፣ የጉምሩክ ጣቢያው የተዘጋበት ማስታወቂያ፣ የመድን ድርጅቱ ሽፋን መሰረዙን የገለጸበት ጽሑፍ፣ የሾፌሩ የጉዞ መዝገብ ብዙ ገጽ ካለው የጋዜጣ ቁራጭ ይበልጣሉ። የንግድ ምክር ቤት የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ይረዳል፤ ሆኖም ክስተቱ መድረሱን እንጂ ክስተቱ ያንን ግዴታ ማገዱን ስለማያረጋግጥ ዳኛን ወይም ገላጋይ ዳኛን አያስገድድም።

በመጨረሻ የሚቀረው ዛሬ የሚጻፍ ውል ነው። ጦሩ በማርች 2025 ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላ ንግዱ ቀስ በቀስ ሲመለስ፣ አዲስ የሚዋዋል ሰው ጦርነት የሚለውን ቃል ብቻ በአንቀጹ ውስጥ ማስገባቱ አይጠቅመውም፤ ጦርነቱ ውሉ ሲፈረም የታወቀ ነገር ነውና። የሚያስፈልገው ክስተቱን በሚለካ ነገር መግለጽ ነው፤ ለምሳሌ ከገላባት እስከ ርክክቡ ቦታ ያለው መንገድ በባለሥልጣን ትእዛዝ ወይም በውጊያ ለተከታታይ 10 ቀናት ለጭነት መኪና ከተዘጋ፣ ጦርነቱ ውሉ ሲፈረም የታወቀ ቢሆንም የማድረስ ግዴታው ይታገዳል ብሎ መጻፍ ይቻላል። መተማና ገላባት መካከል ያለው መሻገሪያ በሴፕቴምበር 2024 መጀመሪያ በኢትዮጵያ በኩል በነበረው ግጭት ምክንያት መዘጋቱ፣ እንቅፋት የሚመጣው ከሱዳን ወገን ብቻ አለመሆኑን ስላሳየ፣ አንቀጹ የሁለቱንም አገር ክልከላ መጥቀስ አለበት። ተዋዋዮቹ እገዳው ከስንት ቀን በላይ ከቆየ እያንዳንዱ ወገን ውሉን ማቋረጥ እንደሚችልም መወሰን ይኖርባቸዋል፤ የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት የ2020 እ.ኤ.አ. የአንቀጽ ናሙና ለዚህ 120 ቀን ያስቀምጣል፣ ለሚበላሽ ዕቃ ግን ይህ እጅግ ረጅም ነው። በእገዳው ጊዜ የመጋዘን ኪራዩን፣ የጥበቃውንና የመድኑን ወጪ ማን እንደሚሸከም ካልተጻፈ ደግሞ፣ ግዴታው ታግዶ ሳለ ወጪው በየቀኑ እየተጠራቀመ ሌላ ክርክር ይወልዳል።